በግራ በኩል ፈረምን

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሴቶች ሠራተኞች ማደሪያ በር ላይ ካለው ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጫለሁ። አርባ ሁለት አልጋ፣ አርባ ሁለት ሎከር፣ አራት መታጠቢያ ቤት። የኔም ክፍል ከጠረጴዛው ጀርባ ያለችው ጠባቧ ናት፤ ሥራዬም ቤቴም አንድ ቦታ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን የተጻፈ ደንብ የሚባል ነገር አልነበረንም። ደንቡ እኔ ነበርኩ። ከመታጠቢያ ቤት ውጪ ያልኳት ትወጣለች፣ ድምፅሽን ቀንሺ ያልኳት ትቀንሳለች። ያኮረፈች ታኮርፋለች፤ በማግስቱ ራሷ ሰላም ትለኛለች።

ነገር የመጣው አጠገባችን ያለው ሆስፒታል ለውጭ አገር ሠልጣኞቹ አሥር አልጋ ሲከራይ ነው። ደንባችሁ በሁለት ቋንቋ ተጽፎ በየበሩ ይለጠፍ፣ እያንዳንዷ ነዋሪም ትፈርምበት ብለው አዘዙ። እንግሊዝኛውን ራሳቸው ጽፈው ላኩት፤ የኛውን እናንተ ጻፉ ተባለ። ሥራ አስኪያጇ ወረቀቱን ለኔ ወረወረችልኝ። ድሮ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ስለነበርኩ እንግሊዝኛው አያስቸግረኝም።

ሥራ አስኪያጇን ሴቶቹ «ቆጣሪ» ነው የሚሏት። የመብራት ቆጣሪውን ሳታይ ወደ ቤቷ ሄዳ አታውቅም። መብራት የሚያበራ ሰው ሁሉ ከኪሷ የሚሰርቃት ይመስላታል።

የእንግሊዝኛው ደንብ አጭር ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ጥሩ ነበር። ለእያንዳንዷ አንድ ሎከር፤ ጓጉንቸሩን ራሷ ታመጣለች፤ ጭስ ወይም የእሳት ሽታ ካልኖረ በቀር ባለቤቷ በሌለችበት አይከፈትም። ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ጸጥታ፤ ስልክ ማውራት የፈለገች ሳሎን ትውረድ። መታጠቢያ ቤት ወረፋ ካለ አሥር ደቂቃ፤ የወጣች ወለሉን ትጥረግ፣ ጸጉሯን ከፍሳሹ ላይ ታንሳ። የክፍሉ ትልቅ መብራት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ይጠፋል፤ ጎረቤት የማይረብሽ ትንሽ የራስጌ መብራት ግን ይፈቀዳል። በቃ። ልጅም ይገባዋል።

እኔም እንዳለ ወደኛ ቋንቋ መልሼ ወሰድኩላት። ቆጣሪ እስክሪብቶ አነሳችና ሁለት ቦታ ሰረዘች። የሎከሩን «አስተዳደሩ በማንኛውም ጊዜ መክፈት ይችላል» አደረገችው። የመብራቱን ደግሞ «ከአራት ሰዓት ተኩል በኋላ ምንም ዓይነት መብራት ማብራት ክልክል ነው» አለችው። ከሥር «ሦስት ማስጠንቀቂያ ያገኘች በሦስት ቀን አልጋዋን ትለቃለች» ጨመረች። እንግሊዝኛው እንዲህ አይልም እኮ አልኳት። የኛን ሰው ልጓም ካላላሽለት ጭንቅላትሽ ላይ ይወጣል አለችኝ። ደግሞ ፈገግ ብላ፣ ክፍልሽን ትወጂያታለሽ አይደል አለችኝ። ገባኝ። ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ የኛው፣ ከእያንዳንዱ ሥር የፊርማ መስመር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው፤ እኔ በዚያ ዝምታ ነቅዣለሁ።

አሁን ስለ ፋርማሲ ልንገራችሁ። ፋርማሲ የምንላት ልጅ ጠዋት በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ትሠራለች፣ ከሰዓት በኋላ የመድኃኒት ቤት ባለሙያነት ትማራለች። ራሷን ያመማት ሁሉ እሷ ጋ ነው የምትሄደው፤ እሷም ገና አልተመረቅኩም እያለች ትመክራለች። የመጨረሻ ፈተናዋ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የምታጠናው አልጋዋ ራስጌ ላይ በመቆንጠጫ በምትያዝ አውራ ጣት የምታህል መብራት ነበር። አጠገቧ የተኛችው ረጅሟ የውጭ ሠልጣኝም እንደሷ ያለች መብራት አላት። ሁለቱም ሲያነቡ ያመሻሉ፤ አንዷ የሌላዋን ቋንቋ ባትሰማም ይግባባሉ።

ደንቡ በተለጠፈ በሳምንቱ ፋርማሲ በመብራቷ ከቆጣሪ የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ አገኘች። ረጅሟን የነካት የለም። ልጅቷ መብራቷን ሎከሯ ውስጥ ቆለፈችና ደብተሯን ይዛ መታጠቢያ ቤት ገብታ ማጥናት ጀመረች፤ እዚያ መብራት አይጠፋማ። ወረፋ የጠበቀ አልነበረም፤ ቢሆንም ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ መጣ። ረቡዕ ረፋዱ ላይ፣ ልጅቷ ሥራ ላይ ሳለች፣ ቆጣሪ የጥገናውን ሰውዬ ብረት መቁረጫ አስይዛ መጣች። ጓጉንቸሩ ተቆርጦ ወለሉ ላይ ሲወድቅ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የውስጥ ልብሷን፣ የእናቷን ፎቶ፣ ደብተሮቿን አልጋው ላይ ዘረገፈችና ከሥር ያቺን መብራት አወጣች። ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ። እስከ ቅዳሜ ልቀቂ።

ልጅቷ ስትመጣ ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ልብሷን አንድ በአንድ አጣጥፋ መለሰች፤ የእናቷን ፎቶ በእጇ መዳፍ ጠረገችው። ረጅሟ ይሄን ሁሉ አይታ ተነሳች፣ እጇን ይዛ ወደ በሩ ወሰደቻትና በወረቀቱ ግራ በኩል አንዷን መስመር በጣቷ መታ መታ አደረገች። ከዚያ የራሷን መብራት አሳየቻት።

ፋርማሲ ወረቀቱን ከበሩ ላይ ነቅላ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ ምንድነው የሚለው?»

መዋሸት እችል ነበር። ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶልኝ ነበር። ግን ነገርኳት፤ የመብራቱንም፣ የሎከሩንም። አንገቷን ነቀነቀች። በቀኝ በኩል ያለውን ማን እንደጻፈው አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም።

ፊርማው ዓርብ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ነበር፤ አሥራ አንድ ላይ የሆስፒታሉ ተወካይ መጥታ ልትወስድ። ሴቶቹ ሁሉ ሳሎን ተሰበሰቡ። ቆጣሪ ወረቀቱን ማደል ስትጀምር ፋርማሲ ተነሳች። ለቅዳሜ የተባረርኩ ሰው ስለሆንኩ ፊርማዬ ባያስፈልግም አንድ ነገር ልናገር አለች። ግራው ሌላ ነው፣ ቀኙ ሌላ ነው፤ እነሱ ያላቸው መብት ለእኛ ተሰርዟል አለች። ሳሎኑ አጉረመረመ። ቆጣሪ ጸጥታ ብላ ጠረጴዛ መታች። ከኋላ ያለችው ወጥ ቤት ሠራተኛ የጸጥታ ሰዓት ገና ስድስት ሰዓት ይቀረዋል ብላ መለሰችላት፤ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

ሳቁ ነው መሰለኝ ቆጣሪን ያነደዳት። ጣቷን ወደኔ ቀሰረች።

«እኔ ላይ ምን ታፈጣላችሁ? የጻፈችው እትዬያችሁ አይደለች? በገዛ እጇ!»

አርባ ፊት ወደኔ ዞረ። ከሁሉም የከበደኝ ግን የአንዷ ነበር። ፋርማሲ ዓይኗን አልነቀለችም። ሥራዬ፣ ክፍሌ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ሁሉ እዚያች ሳሎን ውስጥ ቆሟል። ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩ በሆዴ። ከዚህ በላይ ምን አፍራለሁ?

«አዎ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ። «ክፍሌን እንዳላጣ ብዬ ነው የጻፍኩት። አሁን ደግሞ አነብላችኋለሁ።»

ወረቀቱን አነሳሁና ግራውን በኛ ቋንቋ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሎከሩን፣ ጸጥታውን፣ መታጠቢያውን፣ መብራቱን። አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ ቃል አልቀነስኩም። ረጅሟ ከጎኔ ቆማ መስመሩን በዓይኗ እየተከተለች ራሷን ትነቀንቅልኝ ነበር። ቆጣሪ ስሚ፣ ነገ ዕቃሽን ትሸክፊያለሽ አለችኝ። እሺ፣ ሻንጣዬ ከአልጋዬ ሥር ነው አልኳት፤ ማንበቤን ግን አላቆምኩም።

ስጨርስ እስክሪብቶ አነሳሁና እንደ አንዲት ነዋሪ በግራ በኩል ፈረምኩ። ከእንግሊዝኛው ሥር። እዚያ መፈረም አትችይም አለች ቆጣሪ። የትኛው ደንብ ይከለክላል ብዬ ጠየቅኳት። አሳዪኝ፣ ከግራው ነው ከቀኙ?

ፋርማሲ መጣችና እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደች። አላየችኝም። በግራ ፈረመች። ከዚያ የወጥ ቤቷ ሠራተኛ፣ ከዚያ ሁለቱ ልብስ ሰፊዎች፣ ከዚያ ፊርማ የማትችለው የጽዳት ሠራተኛዋ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ። ቆጣሪ ባልገባችሁ ቋንቋ ላይ እንዴት ትፈርማላችሁ ብትል፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ተነበበልኝ አለቻት፤ ያኛውን ማን አነበበልኝ? የኔን ጨምሮ አርባ ሦስት ወረቀት፤ ቀኙ ባዶ።

ተወካይዋ በሰዓቷ ደረሰች። ወረቀቶቹን ገለጥ ገለጥ አድርጋ ለምን ሁሉም ግራውን እንደፈረሙ ጠየቀች። ቆጣሪን ላብ አጠመቃት። ግራው ከቀኙ ይለያል ብትል ደንቡን ማን እንደለወጠው ትጠየቃለች፤ ሆስፒታሉ ደግሞ አሥሩን አልጋ ይዞ ይሄዳል። ቆጣሪ ያው ነው፣ ሁለቱም አንድ ነው አለች።

እኔ የምጠብቀውን አገኘሁ። ሐሙስ ጠረጴዛዬ ላይ ጽፌ ያሳተምኩትን አወጣሁ፤ ግራውን ቃል በቃል የተከተለ አዲስ ቀኝ። ሥራ አስኪያጃችን እንዳሉት ሁለቱም አንድ ስለሆነ ይሄኛው ይለጠፍ ብዬ ለተወካይዋ ሰጠኋት። አነበበች፣ አመሳከረች፣ ጥሩ ነው ብላ ማኅተሟን መታችበት። ቆጣሪ ከዚያ ወዲህ ሰላም አትለኝም። ሻንጣዬን ሸክፌ ሦስት ቀን ጠበቅኳት፤ ውጪ የሚለኝ ሲጠፋ ልብሴን መልሼ ሰቀልኩ። ብትለኝም አልወጣም ነበር፤ ከፈለገች ጎትታ ታስወጣኝ።

የፋርማሲ ማስጠንቀቂያም ተሻረ። አዲሱ ደንብ መብራቷን ይፈቅዳል፣ ሎከሯም እሷ በሌለችበት ነው የተከፈተው። ቅዳሜ ጠዋት አዲስ ጓጉንቸር ገዝቼ ከነማሸጊያው ወሰድኩላት። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ታጠና ነበር። ይቅር በይኝ አልኳት። ማሸጊያውን ቀደደችና ቁልፎቹን መዳፏ ላይ አፍስሳ ፊት ለፊቴ ቆጠረቻቸው።

«ሦስት ነው የሚለው እዚህ ላይ» አለች ማሸጊያውን እያየች።

ሦስት ነበሩ፤ ለራሴ ያስቀረሁት ቁልፍ አልነበረም። ሦስቱንም በክር አስራ አንገቷ ላይ አጠለቀቻቸው። አልተከፋሁም። ብትሰድበኝ፣ ብትጮህብኝ ይቀለኝ ነበር፤ ግን ልክ ነች። መብራቷን አብርታ ወደ ደብተሯ ተመለሰች፤ እኔም በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወደ ጠረጴዛዬ ሄድኩ።