ለቤተሰብ እርዳታ ተብሎ የተላከው

ማዘንጊያ ካርቱም፣ ዴም በሚባለው ሰፈር ሃያ ሁለት ዓመት የለፋችበትን ምግብ ቤት ሸጣ፣ ሠላሳ አንድ ሺህ ዩሮውን ባሕር ዳር ላለችው ልጇ ለራሔል በባንክ ከላከች ዘጠኝ ቀን ሆኗታል። ገንዘቡ ግን የውሃ ሽታ ሆነ። ራሔል ቤት ልትገዛ ቀብድ ከፍላለች፤ ሻጩ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ እስካለው ረቡዕ ድረስ ብቻ ነው የሚጠብቀው።

«እማ፣ እዚህ ባንክ ምንም አልገባም ይሉኛል። ባንኩ የላከውን የስዊፍት መልእክት ኮፒና የማጣቀሻ ቁጥሩን ላኪ፣ ያለዚያ መፈለግ አንችልም አሉ» አለቻት በስልክ።

ማዘንጊያ በእጇ የነበረው ማኅተም ያረፈበት የማመልከቻ ቅጽ ነው። እሱ ደግሞ ላኩልኝ ማለቷን እንጂ መላኩን አያሳይም። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ሁሉ እንደ ታቦት የምናምን ሰዎች ነን፣ ምን ይደረግ።

በጸሎተ ሐሙስ ረፋድ ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ ይዛ መሐል ከተማ ወዳለው ባንክ ሄደች። መንገዱ ላይ ወታደር የጫኑ መኪኖች ተደርድረው ሞተራቸውን ሳያጠፉ ቆመዋል። ሾፌሩ አንዴ አያቸውና በጎን ባለው ጠባብ መንገድ ታጠፈ። ነገሩ አልጣማትም።

የውጭ ሐዋላ መስኮቱ ላይ ያለችው አብራር የምትባል ወጣት ሱዳናዊት ናት፤ የረመዳን ጾም ከንፈሯን አድርቆታል። ማዘንጊያ የክትትል መጠየቂያውን ሞልታ ፈረመች። አብራር የተላከውን የስዊፍት መልእክት ኮፒ አተመችላት፤ ከታች ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ረጅም የማጣቀሻ ቁጥር አለው። ያንኑ ኮምፒዩተሩ ላይ አስገባችና ፊቷ ተለወጠ።

«ያ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ገንዘቡ ከእኛ ወጥቷል። መሐል ላይ የሚያስተላልፈው የውጭ ባንክ ይዞታል።»

ፎቅ ወጥታ አንድ ወረቀት ይዛ ተመለሰች። የውጭው ባንክ ባለፈው ሳምንት ጥያቄ ልኮ ኖሯል፤ ገንዘቡ ከየት መጣ፣ ለምንስ ነው? የአብራር ባንክ ሰዎች ለማዘንጊያ ቢደውሉላት፣ የተመዘገበው ስልክ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልሠራው ነው። ወረቀቱም ፋይል ውስጥ ተኝቶ ሰነበተ።

«የላክሽበትን ምክንያት ‹ለቤተሰብ እርዳታ› ብለሽ ሞልተሻል። ይህን ያህል ዩሮ እርዳታ ነው ብትያቸው አያምኑሽም።»

እንዴት ያምናሉ? ዴም ውስጥ ግን ሁሉም የሚሞላው እንዲያ ነው። መቶም ላከ ሺህም ላከ፣ ‹ለቤተሰብ እርዳታ› ጥያቄ አያስከትልም እየተባለ ስንቱ ሞልቶታል። ማዘንጊያም የሰማችውን ጻፈች።

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ያ ቢቲ፣ ልጄ?»

«የምግብ ቤቱን የሽያጭ ውል ዋናውን አምጪ፤ ቤት መግዣ ነው ብለሽ ደብዳቤ ፈርሚ። እኔ መልሱን እልካለሁ። እስከ ማክሰኞ ማታ ካልደረሳቸው ገንዘቡን ይመልሱታል።»

ውሉ ቤቷ ሣጥን ውስጥ ነው። ለረመዳን ባንኩ በሰባት ሰዓት ይዘጋል፤ አሁን ስድስት ተኩል ሆኗል። ደርሳ ለመመለስ ባይበቃ እንኳ ብትሞክረው ይሞከር ነበር።

«አርብና ቅዳሜ ዝግ ነን፤ እሑድ አምጪው፣ እንከፍታለን» አለች አብራር።

«እሑድማ ፋሲካችን ነው። ሰኞ በጠዋት ብመጣስ?»

«ሰኞም ይደርሳል፣ ኢንሻአላህ።»

ማዘንጊያ ቀለል አላት። ደብዳቤውን እዚያው ፈርማ ተወች፤ ውሉ ብቻ ቀረ። ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን ሕጽበተ እግር ላይ ተገኘች፤ አርብ ስትሰግድ ዋለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሕጽበተ እግር አምልጧት አያውቅም፣ ለአንድ ወረቀት ስትሮጥ በዓሏን ልታሳልፍ ነው? ማንም አይፈርድባትም። እሷ ግን ያን ግማሽ ሰዓት ባለመሮጧ ኋላ በራሷ ላይ ፈረደች።

ቅዳሜ ጠዋት ከተማው በከባድ መሣሪያ ተናወጠ። በመጀመሪያ የጋዝ ሲሊንደር የፈነዳ መሰላት። እስከ ቀትር ሰማዩ ጠቆረ፣ መብራትም ጠፋ። ፋሲካን ከጎረቤቶቿ ጋር መስኮት በሌለው ኮሪደር ወለል ላይ ተኝታ ዋለች። ሰኞ ውሉን በቀሚሷ ሥር ሸጉጣ ልትወጣ በሩን ከፈተች። ጎረቤቷ ጥላዬ ክንዷን ይዞ አስቀራት፤ ባንኩ ያለበት ሰፈር እየነደደ ነው፣ ከመንገዱ ሬሳ አልተነሣም አላት። ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ።

ረቡዕ ከሰዓት ራሔል ደወለች። ድምፅዋ ይቆራረጣል።

«እማ፣ ደህና ነሽ?»

«አለሁ።»

«እዚህ ያለው ባንክ ሐሙስ በላክሽልኝ የማጣቀሻ ቁጥር የውጭውን ባንክ ጠይቆልኝ ነበር። መልስ መጣ። ገንዘቡን ለላኪው ባንክ መልሰነዋል አሉ። ካርቱም ነው ያለው፣ እማ። በስምሽ ተመልሷል።»

ማዘንጊያ ጭሱ ወደሚታይበት አቅጣጫ ዞረች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ያለው እዚያ ነው፤ ከዴም ያን ያህል አይርቅም።

«ለሰውየው ንገሪው» አለች፣ «ቤቱን ለሌላ ይሽጥ።»