ያልታየ ጫማ

አቶ ኪዳነወልድ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ጫማ ግራና ቀኙ እኩል ላልሆነ እግር ነው። የራሳቸውም ግራ እግር በልጅነት ሕመም አንሶ ቀርቷል። አዳማን ዙሩና 36 እና 38 ቁጥርን አንድ ጥንድ አድርጎ የሚሸጥ ሱቅ ካገኛችሁ ንገሩኝ። እንዲህ ያለ እግር ያለው ሰው ሁለት ጥንድ ገዝቶ ግማሹን ይጥላል፤ አቅም ያነሰው ጨርቅ ጠቅጥቆ ይሄዳል።

የድሮ ደንበኞቻቸው ሲመናመኑ ልጃቸው ፍሬሕይወት ጫማዎቹን በኢንተርኔት ገበያ አወጣችላቸው። ፎቶው አማረላት። ቅጹ ላይ ግን «ቁጥር» የሚል ቦታ አለ፤ ከተሰጠው መምረጥ እንጂ መጻፍ አይቻልም። የአባቷ ጫማ አንድ ቁጥር የለው፣ የቱን ትምረጥ? አንዱን መምረጥ ውሸት መሰላት። ባዶውን ትታ ማብራሪያው ላይ «ለየእግሩ በልኩ ይሠራል፣ ከ35 እስከ 43» ብላ ጻፈች። ቅጹም ምንም ሳይል ተቀበላት።

ወራት አለፉ፤ የጠየቀ የለም። አባትየው «ዛሬስ?» ባሉ ቁጥር ልታጽናናቸው ሰው እያየው ነው ትላቸዋለች። የጎዳቸውም ይኸው ነው። አይተው ካልፈለጉት ሥራዬ አርጅቷል ማለት ነው አሉ። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ መስፊያ መኪናውን ለቆራሊዮ ሸጠው፣ ዕድሜ ልክ የጠረቧቸውን የእንጨት የእግር ቅርጾች ደግሞ ሳምቡሳ ለምትጠብሰው ጎረቤታቸው ለሑስና ለማገዶ ሰጥተው ጠበቋት። ሑስና ምን ታውቃለች፣ አመስግና አነደደቻቸው።

በዚያው ሰሞን ሃዊ ልትጠይቃቸው መጣች። የፍሬሕይወት ጓደኛ ናት፤ እዚያው የኢንተርኔት ገበያ ተቀጥራ ዕቃ በየምድቡ ታስገባለች። ስልኳን ከፍታ የሴት ጫማ፣ ከዚያ 38 ቁጥርን መረጠች። የአቶ ኪዳነወልድ ጫማ የለም። የቁጥሩን ምርጫ ስታነሳው ከብዙ ጫማ መሐል ብቅ አለ።

«ማጣሪያው ማብራሪያውን አያነብም፤ የሚያየው ‹ቁጥር› የሚለውን ቦታ ብቻ ነው» አለች። «ደግሞ ከአንድ በላይ መምረጥ ይቻላል እኮ።»

ጫማ ፈላጊ ሁሉ ደግሞ አስቀድሞ የሚመርጠው ቁጥሩን ነው። ሃዊ የለመደ እጇ ዝም አላላትም፤ ቅጹን ከፍታ ከ35 እስከ 43 ያለውን ሁሉ መረጠችበት፣ «በልክ የሚሠራ» የሚለውንም ጨመረች።

በማግስቱ ከሻሸመኔ ጂቱ ከምትባል ሴት መልእክት መጣ። ግራዋ 36፣ ቀኟ 38 ነው። እንዲህ የሚሠራ ሰው መኖሩን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር ትላለች። ፍሬሕይወት ለአባቷ አነበበችላቸው።

«ታዲያ ሰው አላየውም ነበር?»

«አላየውም፣ አባዬ።»

«እኔ እኮ አይተው የተዉት መስሎኝ ነው።»

አለቀሱ። ልጅቱ አባቷ ሲያለቅሱ አይታ አታውቅም። ፊታቸውን ጠረጉና፣ ለሴትዮዋ በደግ ቃል መልሺላት፣ አልቋል በያት አሏት።

መለሰችላት። ከዚያ ቅጹን ከፍታ «የቀረው ብዛት» የሚለው ላይ ዜሮ ሞላች። የሴት ጫማ፣ 38 ቁጥር ብላ የአባቷን ጫማ ፈለገች። የለም። አሁን ቅጹ ላይ የጎደለ ነገር አልነበረም።