ዝምታን የማይጽፍ ስልክ

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር፤ ከጣና በኩል የተነሣው ነፋስ የመስከረምን የመጨረሻ ደመና በባሕር ዳሩ የሹም አቦ ሰፈር ቆርቆሮዎች ላይ ይቆልል ነበር።

ፀደንያ ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ስልኮች ጎን ለጎን አስተኛች። በአንዱ ትደውላለች፤ ሌላው የሚሰማውን ይጽፍላታል። አንድ ስልክ ሁለቱን ሥራ አይሠራላትም፤ ጥሪ ላይ ሳለ ማይክሮፎኑን ለጽሑፉ መተግበሪያ አይለቅምና። የእንግሊዝኛ ቪዲዮ ሲሆን ነገሩ ይቀላል፤ ስልኩ ራሱ ድምፁን ከውስጥ ይዞ፣ ያለ ኢንተርኔትም፣ ከሥር ከሥሩ ይጽፋል። አማርኛ ሲሆን ግን እንዲህ እንደ ጎረቤት ሌላ ስልክ ጠርቶ ማስቀመጥ ነው፤ ያውም ኔትወርክ ካለ።

ሰባት ዓመት ሳይሞላት ማጅራት ገትር ጆሯን ወስዶታል። አንደበቷ ግን ቀርቶላታል። አሁን በባሕር ዳር ከተማ መስማት የተሳናቸው ልጆች በሚማሩበት ክፍል ታስተምራለች፤ ዛሬ የምትደውለውም ስለ አንዲት ተማሪ ነው። የወንድሟ የአካሉ ልጅ ጸሎት፣ ከጣና ማዶ ደልጊ ያለችው፣ ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከእናቷ ጋር በፈጠረችው ጥቂት ምልክት በቀር ቋንቋ የላትም። በክፍሉ አንድ ወንበር ቀርቷል፤ እስከ መጪው ሳምንት ዓርብ ይጠብቃታል። ከዚያ በኋላ ለሌላ ልጅ ይሰጣል፤ ጸሎትም ዐሥረኛ ዓመቷን ያለ ቋንቋ ትጀምራለች።

የሥራ ባልደረባዋ ምናሴ፣ ጆሮው የሚሰማው፣ «እኔ ላዳምጥልሽ» ብሏት ነበር።

«አንተ አሥር ደቂቃ ትሰማና ‹ደኅና ናቸው› ትለኛለህ» አለችው።

«ደኅና ከሆኑስ?»

«ደኅንነታቸውን እኔ ራሴ ላንብበው።»

ደወለች። በሁለተኛው ስልክ ፊደሎች መውረድ ጀመሩ። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ ቃላቱ መጀመሪያ ተንጋደው ይመጣሉ፣ ከዚያ ዐረፍተ ነገሩ ሲሞላ ወደ ኋላ ተመልሰው ራሳቸውን ያቃናሉ። የጤና፣ የከብት፣ የዝናብ ወሬ ያለ ማቋረጥ ወረደ። በደልጊ እንደ ልማዱ ስልኩ ድምፁ ተለቅቆ መካከል ላይ ተቀምጧል፤ ማን ምን እንዳለ ጽሑፉ አይለይም። የሁሉም ቃል በአንድ መልክ፣ በአንድ ስም አልባ አፍ ይወርዳል።

«አባ፣» አለች፣ ለአባቷ ለመሪጌታ ወልደ ጻድቅ፤ የቤቱ ቃል የእሳቸው ነውና። «ጸሎትን ልውሰዳት፣ እኔ ዘንድ ሆና ትማር፤ ይፍቀዱልኝ።»

ስክሪኑ ባዶ ሆነ። ኔትወርኩ ዘገየ ስትል አሰበች፤ ጽሑፉ ከንግግሩ ኋላ ኋላ መጎተት ልማዱ ነው። ጠበቀች። ከዚያ ወረደ፦

ትሂድ ልጅቱ ትሂድ እኔ ልብሷን አጥቤ አዘጋጃለሁ

«ትሂድ» ያለውን ቃል በሐሳቧ ለአባቷ ሰጠች፤ የልብሱን ለአካሉ ሚስት ለየብርጓል። የሚከተለውን ልታነብ ስትል ፊደሎቹ ተበታተኑ፣ ተደናገሩ፣ ቆሙ። በስክሪኑ ጥግ ያለው ክብ፣ የጫጫታ መለኪያው፣ አብጦ ነበር። ቀና ብላ በመስኮቱ አየች። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወርዷል።

«እግዜር ይስጥልኝ አባ» ብላ ዘጋች።

እሑድ በሳምንት አንዴ በሚመላለሰው መርከብ ተሳፈረች፤ በመንገድ ቁንዝላ አድራ በማግስቱ ደልጊ ወረደች። ጸሎት በታጠበ ቀሚስ ዳርቻው ላይ ቆማ ነበር። አክስቷን ስታይ ሁለት መዳፎቿን አጋጥማ በአየር ላይ አንሳፈፈቻቸው። ጀልባ ማለቷ ነው። ከእናቷ ጋር ያወጣችው ቃል ነው።

አካሉ ግን የእኅቱን ዓይን አልደፈረም። ሻንጣዋን ተቀብሎ በጣቱ ወደ ኮረብታው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አመለከተ። ስልኳን አውጥታ እንዲናገርበት ዘረጋችለት፤ ስክሪኑ ግንኙነት የለም አላት። አካሉ ሳቀ፣ እጁን ወደ ሰማይ ወረወረ፣ እንደገና ኮረብታውን አመለከተ። ኔትወርኩም አባቷም ያሉት እዚያው ነው።

መሪጌታ በቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ፀደንያ ጉልበታቸውን ሳመች። እሳቸው ግንባሯን ሳሙ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ጢማቸው ሁሉን ሸፈነው። ስልኩን አውጥታ ድንጋይ ላይ አኖረች። ጸሎትን ይዘው ተከትለዋት የወጡት አካሉም የብርጓልም እኩል መናገር ጀመሩ፣ አንዱ የሌላውን ጫፍ እየቆረጠ፤ በስክሪኑ ላይ የወረደው ጭራና ራስ የሌለው ሆነ።

«አንድ በአንድ!» አለች ፀደንያ። «የሚናገር ተነሥቶ ይቁም። የቆመ ብቻ ይናገር። ስልኩንም በእጁ ይያዝ።»

አካሉ ስልኩን ይዞ ተነሣ። ስልኩ ጻፈ፦ ሽንጎ አደረግሽው እኮ እታለም

«ሽንጎ ነው። አንተ ተከሳሹ ነህ» አለችው። የብርጓል አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተክለው ቆሙ። ስልኩን እንደ ዕጣን ሙዳይ በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ተናግረው ሲያበቁ ወደ እርሷ አዞሩት።

ምን ሰምተሽ መጣሽ ልጄ

«ትሂድ ብለውኛል፣ አባ።»

እኔ አንድ ቃል አልተናገርሁም ዝም አልሁ

አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ ወደ የብርጓል ዞረች። የብርጓል ተነሣች፤ ስልኩን ለመንካት ስለ ፈራች መሪጌታ ይዘውላት ተናገረች፦ እኔ ነኝ ትሂድ ያልሁ እትየ እናቷ ነኝ

ፀደንያ ተቀመጠች። ያ ባዶ ስክሪን የኔትወርክ መዘግየት አልነበረም። በዚህ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ያን ዝምታ ያውቃል። ተማሪ ዜማውን ሲስት መሪጌታ «ተሳሳትህ» አይሉም፤ ዝም ይላሉ፤ ተማሪው ከመጀመሪያው ይጀምራል። ልጅ አንዳች ነገር ሲለምናቸው «አይሆንም» አይሉም፤ ዝም ይላሉ፤ ልጁ ይሄዳል። አካሉ በስልኩ ጊዜ አጠገባቸው ነበር፣ ዝምታውን ሰምቷል። ለእርሷ የተላከላት ከዝምታው በኋላ የመጣው ብቻ ነው። ስልኩ ድምፅ ካልሰማ አይጽፍም።

«ለምን ዝም አሉ?» አለች።

መሪጌታ እንደ ቆሙ ረጅም ተናገሩ። አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ሲነሣና ሲተኛ አየች። ጽሑፉ መጣ፤ ግን ንግግራቸው ግማሹ ግእዝ ስለ ነበር፣ ስልኩ ግእዙን በማያውቀው አማርኛ ሊያስገባው ሞክሮ፣ የገበያ፣ የወረዳ፣ የበሬ ቃላት ደርድሮ ነበር። አንድም ሐሳብ አልያዘም።

«አባ፣ አልጻፈውም። ግእዙን አያውቅም። ይድገሙልኝ።»

ፊታቸው ተለወጠ። የዜማ መምህር ናቸው፤ ድገም የሚሉት እሳቸው እንጂ የሚባሉት አይደሉም። አካሉ መሬት መሬት አየ። የብርጓል ጸሎትን ወደ ጉያዋ ሳበች።

ሁለተኛ ተናገሩ፣ በአማርኛ፣ አጠር አድርገው። ነፋሱ ከሐይቁ መጥቶ በማይክሮፎኑ ላይ አለፈ፤ የወረደው ከፊል ነበር፦ አንቺን ሰደድሁሽ ከዚያ ሌላ

«ነፋሱ ወሰደው» አለች። በነፋሱ እንጂ በእሳቸው አልተቆጣችም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ።»

መሪጌታ ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጡ። ስልኩን በነጠላቸው ከለሉት። ሦስተኛውን ከፊተኞቹ ሁሉ ዝቅ አድርገው፣ ቃል በቃል ለያይተው ተናገሩ፤ ስልኩም ያለ እንከን ጻፈው፦

አንቺን ሰድጄ ሌላ ሰው መጣችልኝ በእጇ የምትናገር እኔ የማላናግራት አሁን ደግሞ ሁለተኛዋን

ፀደንያ አነበበችው። በስምንት ዓመቷ በዚሁ ሐይቅ ለትምህርት ተሳፍራ ሄዳለች። በየክረምቱ ስትመለስ አባቷ ራሷን እየነኩ ይባርኳት፣ ከዚያ ወደ ተማሪዎቻቸው ይሄዱ ነበር። እርሷ ያን ያህል ዘመን ያፈሩባት መስሏት ኖራለች።

«የዚያን ጊዜ ማንም አላስተማረዎትም፣ አባ» አለች። «እኔም አላስተማርሁዎትም። ልጅ ነበርሁ።»

መሪጌታ ዝም አሉ።

አሁን አየችው። ከንፈራቸው ተገጥሟል፤ ዓይናቸው ከዋርካው ሥር ወደ አንድ ቦታ ሄዷል፤ የመቋሚያው ጫፍ አፈሩን በቀስታ ይጫን ነበር። በስክሪኑ ላይ ምንም አልነበረም፤ ክቡም ትንሽ ነበር፣ ኔትወርኩም ሙሉ። የዘገየ ነገር አልነበረም።

የሳተ ተማሪ እንደሚያደርገው ከመጀመሪያው ጀመረች።

«አባ፣» አለች። «ጸሎትን ይዣት ልሂድ። በየበዓሉ አመጣታለሁ፤ መርከቡ ሐሙስ ከጎርጎራ እስኪመለስ ድረስም እዚሁ እሰነብታለሁ። በነዚህ ቀኖች ለእርስዎ፣ ለአካሉ፣ ለየብርጓል የምልክት ቋንቋውን የእጅ ፊደል አስተምራለሁ። ከእኔ ይልቅ እርስዎ ድምፅን በእጅ ምልክት ሲያሳዩ ኖረዋል፤ መቋሚያው ሲነሣ ተማሪው ምን እንደሚል ያውቃል። ይኸም እንደዚያ ነው። እንግዳ ሆና አትመለስብዎትም።»

አካሉ ተቀምጦ መናገር ጀመረ፤ የብርጓል ክንዱን ያዘችው። የሚናገረው የቆመ ብቻ ነው።

መሪጌታ ቆመው ነበር። ስልኩን ድንጋዩ ላይ መልሰው አኖሩት፣ ፊቱን ወደ ታች አድርገው። ጸሎትን ተመለከቷት። እርሷም እንደ ልማዷ የሰው ሁሉ ዓይን ሲያርፍባት የምታደርገውን አደረገች፤ መዳፎቿን አጋጥማ አንሳፈፈች።

አያትየው መቋሚያቸውን በብብታቸው ያዙት። ሁለት መዳፋቸውን አጋጠሙ። ጀማሪ እንደሚያደርገው አንዱ አውራ ጣት በተሳሳተ ወገን ወጥቶ ነበር፤ ጸሎት ጠጋ ብላ አስተካከለችላቸው። ከዚያ እጃቸውን ወደ ሐይቁ፣ ወደ ባሕር ዳር አቅጣጫ አንሳፈፉት።

አካሉ ሊያስረዳት ስልኩን ለማንሣት ተንጠራራ።

«ተወው» አለችው። «አየሁት።»

መርከቡ ከጎርጎራ ተመልሶ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከደልጊ ተነሣ፤ ጸሎት ከፊት ወንበር ተቀምጣ ነበር።