በጊዜ ስለላኩልን እናመሰግናለን

ሐኪሟ ከጠዋት ጀምሮ ሠላሳ ስድስት ሰው አይታለች። ሠላሳ ሰባተኛው አናጢው ነበሩ። የሰፈሩ ሰው ጋሽ ሚስማር ይላቸዋል፤ ቀጭንና ቀጥ ያሉ ስለሆኑ፣ ደግሞም አንዴ ከተቀመጡ ስለማይነቀሉ። ሚስታቸው ከጎናቸው ነበሩ።

«ያ የሚረጨው መድኃኒት አልቆብኛል ልጄ፤ ሌላ ጻፊልኝ» አሉ ጋሽ ሚስማር፣ በተዘጋ አፍንጫ።

«የአንገት በላይ ሐኪሙ ጋ አልሄዱም እንዴ?»

«የት ተሄዶ!» አሉ ሚስታቸው። «ሦስት ወር ጠበቅን፤ ገና ሁለት ወር ይቀራል። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን እኮ!» ከቦርሳቸው የቀጠሮውን ካርድና በላስቲክ የተጠቀለለ የሪፈር ወረቀት አወጡ።

ሐኪሟ የገዛ ወረቀቷን አነበበች። «የአፍንጫ መታፈን። አለርጂ ሊሆን ይችላል። የሚረጭ መድኃኒት ለስድስት ሳምንት ተሰጥቷቸው አልተሻላቸውም። እንዲታዩ።» ሌላ ምንም የለም። ኮምፒውተሩ ውስጥ የተዘጋጀ ደብዳቤ አለ፤ ስምና ዕድሜ ሞልታ ልካው ነበር።

«የሚታፈነው ሁለቱም ነው?»

«ኧረ የግራው ብቻ! መጀመሪያም ነግሬሽ ነበር» አሉ ጋሽ ሚስማር።

እዚህ ክሊኒኩ የሚቀመጠውን የሕክምና ካርዳቸውን ገለጠች። በራሷ እጅ ጽሑፍ «ግራ» ይላል፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ደብዳቤው ላይ ግን የለም። እዚያ ትልቁ ሆስፒታል ደግሞ ደብዳቤዎቹን እንደ አጣዳፊነታቸው የምትለየው ነርስ የሰውየውን ፊት አታይም፤ ያልተጻፈ ነገር ለእሷ የለም። የሁለቱም አፍንጫ መታፈን ወረፋ ይጠብቃል። በትልቅ ሰው ላይ አንዱ ብቻ ለወራት ሲታፈን ግን ዕጢ ሊሆን ስለሚችል ወረፋ አይጠበቅም። ይህን ገና ተማሪ ሳለች ታውቀው ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሷ ያፈሰሰችው ግን የሰው ሦስት ወር ነው፣ አይለቀምም።

መብራቷን አንስታ አየች። ቀኙ ንጹሕ ነው። በግራው ጥልቅ ብሎ ሥጋ የመሰለ ነገር አለ፣ ዙሪያው ደም ደርቆበታል። አልነካችውም።

«ይደማዎታል?»

«ምንም አይደለም» አሉ ጋሽ ሚስማር።

«መሐረቡን የማጥበው እኔ ነኝ!» አሉ ሚስታቸው። «በግራ ሲናፈጡ ደም አለው። የግራ ዓይናቸውም ያለቅሳል። ስጠይቃቸው ሰጋቱራ ነው ይሉኛል።»

ሰጋቱራ! ሠላሳ አምስት ዓመት ጠንካራ እንጨት ሲቆርጡና ሲልጉ ኖረዋል፣ አፍንጫቸውን ሳይሸፍኑ። የእንጨት ብናኝ ለአፍንጫ ካንሰር እንደሚያጋልጥ እሷም ታውቃለች። የሥራቸውን ዓይነት ደግሞ አላውቅም ማለት አትችልም፤ የዚህችን ክፍል በር አምና የላጉላት እሳቸው ናቸው።

ሁለተኛውን ደብዳቤ በእጇ ጻፈችው። የግራ ብቻ፤ ሰባት ወር፤ እየባሰ የሄደ፤ ደም የቀላቀለ ንፍጥ፤ ዓይን ማልቀስ፤ የአናጢነት ሥራ፤ በግራ በኩል የታየ እብጠት፤ አንገት ላይ የሚዳሰስ ነገር የለም፤ ካንሰር ያሰጋል፤ አስቸኳይ። ከዚያ ስልክ ደወለች። የወዲያኛዋ ነርስ ሰምታ ስትጨርስ፣ «ይህ መጀመሪያ ተጽፎ ቢሆን በዚያው ሳምንት እንጠራቸው ነበር» አለች። ለሐሙስ ቀጠረችላቸው።

ለባልና ሚስቱ መጥፎ በሽታ እንዳይሆን መፍራቷን ነገረቻቸው። ስለ መጀመሪያው ደብዳቤ ግን አላነሳችም። ሚስትየው እጇን ይዘው፣ «ዕድሜ ይስጥሽ፤ አንቺ ባትኖሪ ማን ይጨነቅልን ነበር?» አሉ። ሐኪሟ ምርቃቱን እንደ መራራ ኪኒን ዋጠችው። ውጭ ደግሞ ሠላሳ ስምንተኛው እየጠበቀ ነበር።

ከአራት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። በካሜራ አይተዋል፣ ሲቲ ስካን አንስተዋል፣ ናሙናም ወስደዋል። ካንሰር ነው። ከዓይን ጉድጓዱ ግድግዳ ደርሷል፤ ግን አላለፈም። ቀዶ ጥገና፣ ከዚያም ጨረር። ከታች ሁልጊዜ የሚጽፏት አንዲት መስመር ነበረች፦ «ታካሚውን በጊዜ ስለላኩልን እናመሰግናለን።»

ሦስት ጊዜ አነበበቻት። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስትጽፍ ግድግዳው ጋ ደርሶ ነበር ወይስ አልደረሰም? የሚያውቅ የለም፤ የሚያደክማትም ይህ ነው።

ጋሽ ሚስማር ከቀዶ ጥገናው በፊት ለደም ምርመራ ብቻቸውን መጡ። በሩን ዘጋች። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላቸው።

«ግራ መሆኑን ነግረውኝ ነበር። እኔ ሳልጽፈው ቀረሁ። ሦስቱን ወር የጠበቁት በእኔ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ።»

መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ቀስ ብለው አነበቡት። ከዚያ መልሰው በእጥፋቱ አጠፉትና ኪሳቸው ከተቱት።

«ለእሷ እንዳትነግሪያት» አሉ። «ማታ ማታ ስትጸልይ ከእኔ ቀድማ የምትጠራው አንቺን ነው።»