ተቀባዩ አልተገኘም

የጥልፍ ማሽኔ ነሐሴ ሲገባ ተቃጠለ። በሌላ ወር መቃጠል አቅቶት አይደለም። መስከረም ላይ የሰፈሩ ተማሪ ሁሉ አርማ ያለበት ሹራብ ለብሶ ትምህርት ቤት እንደሚገባ፣ አርማውን የምጠልፈው ደግሞ እኔ ሮዳስ እንደሆንኩ ያውቃል፤ አውቆ ነው የጠበቀኝ። ሳሪስ አቦ ባለችው ሱቄ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ሹራብ በጆንያ በጆንያ ተከምሯል። ርእሰ መምህሯ እስከ ጳጉሜ ካላስረከብኩ ሥራውን ለሌላ እንደምትሰጥ በፈገግታ ነግራኛለች። ይህ ሥራ ከሄደ ሱቁም አብሮ ይሄዳል። አባቴ ተክሌ ከፋሲካ በፊት ካረፈ ወዲህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የቀረነው እናቴ በላይነሽና እኔ ብቻ ነን፤ ቤቱን የሚያኖረው ያ ማሽን ነው።

የተቃጠለው የማሽኑ አንጎል የሆነው ቦርድ ነበር። አገር ውስጥ የለም። ከሱቄ አጠገብ የሞባይል ዕቃ የሚሸጠው ሙህዲን ቻይና ደንበኞች ስላሉት እሱ አዘዘልኝ። ስልኬ ያኔ ስክሪኑ ተሰብሮ እሱው ጋ ጥገና ላይ ስለነበር ስሙንም፣ አድራሻውንም፣ ስልኩንም የሞላው እሱ ነው። ስልኬን ጠግኖ ሲመልስልኝ የመከታተያ ቁጥር የሚሉትን ላከልኝና፣ «ከእንግዲህ ዕቃሽ የት እንደደረሰ ቁጭ ብለሽ ታያለሽ» አለኝ። ቁጭ ማለቱስ እውነት ነበር።

ቁጥሩን ያስገባሁበት የኢንተርኔት ገጽ መጀመሪያ «በጉዞ ላይ» አለ። በእንግሊዝኛ ነው የሚናገረው፤ ነገሩን ከበድ ለማድረግ ይመስለኛል። ደስ አለኝ። በማግስቱም በጉዞ ላይ። በሳምንቱም በጉዞ ላይ። ከቻይና፣ ከጓንዡ ተነስቶ በእግሩ ቢመጣ ኖሮ ቢያንስ አንድ የማውቀውን አገር ስም ይጠራልኝ ነበር።

ድሮ ሰው ሕልም ሲያይ ሕልም ፈቺ ዘንድ ይሄድ ነበር። እኔ ስልኬን ይዤ ሙህዲን ዘንድ ሄድኩ።

«በጉዞ ላይ ማለት እኮ ይጓዛል ማለት አይደለም» አለኝ፣ የአንድ ሰው ስልክ ሆድ ዕቃውን ዘርግፎ እየነካካ። «ባርኮዱን ሰው እስኪያነበው ድረስ ገጹ የመጨረሻዋን ቃል ነው የሚደግመው። አሁን አውሮፕላን ላይ ሊሆን ይችላል፤ መጋዘን ተኝቶ ሊሆን ይችላል። እዚሁ አዲስ አበባ ገብቶም ሊሆን ይችላል።»

«የትም ሊሆን እንደሚችልማ ገጽ ሳልከፍትም አውቃለሁ።»

«ወላሂ ሮዲ፣ ትዕግሥት የለሽም» አለኝ።

ማታ ማታ እናቴ ፊት ስልኬን እረግማለሁ። እሷ ሽንኩርቷን እየላጠች፣ «መንገድ ላይ ያለን ነገር አይጨቀጭቁትም፤ ይመጣል» ትለኛለች። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ስለ መንገድ የምትለውን ሁሉ ከሱ የቀዳችው ነው። እሷ ስትናገር ትዕግሥት ቀላል ነገር ይመስላል።

ቀጥሎ ገጹ «በጉምሩክ ተይዟል» አለ። ተይዟል! አንድ መዳፍ የምታህል ቦርድ፣ ወንጀለኛ ሆና። ሳሪስ ውስጥ አስተያየት ያልሰጠ ሰው አልቀረም። አንዱ ተወርሷል አለ፣ ሌላው ቦምብ መስሏቸው ነው አለ። ሙህዲን ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዕቃው ዐይናቸው ገብቷል ማለት ነው፤ የሆነ ሰው ያስፈልገናል» አለኝ። የሆነ ሰው ፍለጋ ስንት ሰው ለመንን። በመጨረሻ ሙህዲን ኢሜይሉን ከፈተ። በማስታወቂያ መዓት መሐል አንድ ደብዳቤ ተቀምጧል፤ የመልእክት ድርጅቱ የላከው ነው። የግዢ ደረሰኝና የግብር ከፋይ ቁጥር ላኩልን፣ ዋጋው ተረጋግጦ ቀረጥ እንዲሰላ ይላል። ይኸው ነበር መያዝ ማለት፤ ወረቀት መጠበቅ። ደብዳቤው እኛን ሲጠብቅ እኛ ጉምሩክን ስናማ ሰነበትን። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች።

ወረቀቱን ላክን፣ ቀረጡን ከፈልን፣ ገጹ «ተለቋል» አለ። ሱቄን ጠረግኩ። ማሽኑን አቧራውን አራግፌ እንደ ሙሽራ አዘጋጀሁት።

ከዚያ መጣ፦ «የማድረስ ሙከራው አልተሳካም፤ ተቀባዩ አልተገኘም።»

እኔ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሱቄ በር ላይ ነበርኩ። ምሳዬን እንኳ በር ላይ ቆሜ ነው የበላሁት። የመጣ ሰው ቢኖር አንድ ለማኝና አንድ ዚፕ ቀይሪልኝ ያለች ሴት ናቸው። በማግስቱም እንደዚያው፤ እኔ በር ላይ፣ ገጹ ላይ ደግሞ አልተገኘም። ሰው በገዛ ሱቁ ተጎልቶ የለህም ሲባል እንዴት እንደሚያናድድ ያልደረሰበት አያውቀውም። ሙህዲን፣ «ሹፌሩ ከቢሮ ሳይወጣ ነው የሚሞላው፤ ሰነፍ ነው» ብሎ ፈታልኝ። አመንኩት። የስድብ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ «መልእክትዎ ደርሶናል» የሚል ማሽን መለሰልኝ። ደስ ይበለው፣ የሱ ማሽን ይሠራል።

ሦስተኛው ሙከራም አልተሳካም። ከሥሩ አዲስ መስመር ተጨመረ፦ «ወደ ላኪው ለመመለስ በዝግጅት ላይ።» ይህንን ሙህዲንም ሊፈታልኝ አልደፈረም። ሱቄን ቆልፌ፣ በዝናብ፣ በሚኒባስ ቦሌ ወዳለው የድርጅቱ ቢሮ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስለማመድ ነው የሄድኩት።

የተቀበለኝ ዘካሪያስ የሚባል፣ ሹራቡን በሸሚዙ ላይ የደረበ ረጋ ያለ ሰው ነው። የተለማመድኩትን ሁሉ አፈሰስኩበት። ሲበቃኝ ቁጥሩን ተቀበለኝና ኮምፒውተሩን ማንበብ ጀመረ።

«እህቴ፣ እኛ ሳንደውል አንወጣም። ቤት ቁጥር የሌለበት አገር ነው፤ ስልክ ነው የሚመራን። ደውለን ተቀባዩ ካልተገኘ አልተሳካም ብለን እንመዘግባለን። ሦስቴም ተደውሏል፣ ሦስቴም ተነስቷል።»

«ማን አነሳው? የኔ ስልክ አልጮኸም!»

ቁጥሩን አነበበልኝ። የእናቴ ነው። ሙህዲን ለረጅም ዘመን ደንበኛው ስለሆነች በቃሉ የሚያውቀው እሱን ነበር፤ የኔ ስልክ ደግሞ ያኔ ጠረጴዛው ላይ ተፈታትቶ ተኝቷል።

«ጥቅሉ ላይ ያለው ስም ደግሞ አቶ ተክሌ ሮዳስ ነው የሚለው» አለ።

ገባኝ። የቻይናው ቅጽ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ ሙህዲን የአባቴን ስም ሞላ፣ እነሱ የቤተሰብ ስም ያስቀድማሉና አባቴን ከፊት አድርገው አተሙት። እኛ አገር ደግሞ ፊት ያለው ስም ነው የሚጠራው።

«ገጹ ላይ የማይታይ፣ ደዋዩ የሚጽፈው ማስታወሻ አለ» አለና ስክሪኑን ወደኔ ሳያዞር አነበበው። «አንደኛ ሙከራ፦ ባለቤታቸው አነሱ፤ አቶ ተክሌ ጅቡቲ መንገድ ላይ ናቸው። ሁለተኛ ሙከራ፦ ባለቤታቸው አነሱ፤ ገብተው ነበር፣ ሰው ጋ ወጣ ብለዋል። ሦስተኛ ሙከራ፦ ባለቤታቸው አነሱ፤ ደክሟቸው ስለገቡ ተኝተዋል፣ አልቀሰቅሳቸውም ብለዋል።»

መታወቂያዬን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት፤ ሮዳስ ተክሌ ይላል።

ዘካሪያስ ቀና ሳይል፣ «ስሙ እንደተገለባበጠ ይገባኛል፤ መታወቂያሽንም አየሁ» አለ። «ግን ሚስትየው ሦስት ጊዜ ባለቤቱ አለ ብለው አስመዝግበዋል። በሕይወት ያለ ሰው ዕቃ ለሌላ ስሰጥ በዚሁ ስልክ ፈቃድ መቀበል አለብኝ።»

«ባይኖርስ?» አልኩት።

«ሞተው ከሆነ ደግሞ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ነው የሚጠየቀው። ዕቃው ደግሞ ዛሬ ማታ ይመለሳል፤ ማስረጃው አይደርስም።»

እንግዲህ ይኸውልሽ ሮዳስ። ይህን ሁሉ ጊዜ ቁርጡን ንገሩኝ ስል ከርሜ፣ አሁን ቁርጡን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ልናገረው አልፈለግኩም፤ የወራሽነቱ ማስረጃ አይደለም ያስፈራኝ። «ደውልላቸው» አልኩት። «ልጃቸው እዚህ መጥታለች፣ ትውሰድላቸው ወይ በላቸው።»

ድምፁን ከፍ አድርጎ ደወለ። እናቴ ወዲያው አነሳችው፤ ስልኩ እጇ ላይ የነበረ ይመስላል።

«አቤት! ለተክሌ ነው?» አለች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከፋሲካ ወዲህ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። ወጣት ሴት ነው የምትመስለው።

«አዎ፣ እናቴ። ዕቃው ዛሬ ካልተወሰደ ይመለሳል። ልጃቸው ሮዳስ እዚህ ከኔ ጋር ናት፤ የማሽን ቦርድ ነው ትላለች። እሷ ትውሰድላቸው? የአቶ ተክሌን ፈቃድ እፈልጋለሁ።»

ዝናቡ የቢሮውን ቆርቆሮ ይደበድባል። የምሰማት እኔ እንደሆንኩ እናቴ አውቃለች፤ የኔ ዕቃ እንደነበረም አሁን ገብቷታል። አንድ ቃል ብትናገር ሁሉም ያበቃል። ሰው ቤቷ ደውሎ ባሏን የሚጠይቅበት ቀን አብሮ ያበቃል። እኔም ያን ቃል እንዳትናገረው ፈለግኩ፤ ማሽኑ እንኳ ዝጎ ይቅር ብዬ ፈለግኩ።

«ቆይ፣ ጠይቄው ልምጣ» አለች።

ስልኩን ስታስቀምጠው ሰማን። እግሯ ወደ ውስጥ ሲሄድ ሰማን፤ የመኝታ ቤቱ በር ሲጮኽ ሰማሁ፣ ዘይት አልቀባነውም። ቆየች። ዘካሪያስ እኔን ሲያየኝ ፊቴ ላይ ያለውን አነበበው መሰለኝ፤ ስልኩን አልዘጋም፣ አላቻኮለም፣ ከኋላዬ የቆመውን ባለጉዳይ በእጁ ጠብቀን ብሎ አቆመው።

ተመለሰች። ያ የወጣት ድምፅ ተሰብሮ ነበር፤ የተመለሰው የኔው እናት ድምፅ ነው።

«እሺ ብሏል» አለች። «ትውሰድ ብሏል። ዝናብ ስለሆነም በታክሲ ትምጣ ብሏል።»

«እሺ እናቴ» አለ ዘካሪያስ። ከዚያ፣ «ሰላም በሉልኝ» አላት።

«እነግረዋለሁ» አለች።

ሰው ፊት፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ዘካሪያስ ጥቅሉን አመጣና የተቀባይ ስም የሚለው መስመር ላይ ጣቱን አስቀመጠልኝ። ተክሌ ብዬ ፈረምኩ። እናቴ እንዳዘዘችኝም በታክሲ ሄድኩ።