ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ሦስት

ራቢያ ለዙህር ሶላት ስትሄድ በመጋዘኑ መሀል ታቋርጣለች። የዚያን ማክሰኞ ግን መንገድ ላይ ቆመች። ማቀዝቀዣ በሌለው ተራ መደርደሪያ ላይ፣ ከቫይታሚንና ከጥርስ ሳሙና ካርቶኖች አጠገብ፣ አርባ ካርቶን ኢንሱሊን ተደርድሯል። ኢንሱሊን ቦታው ቀዝቃዛው ክፍል ነው።

ካርቶን የሚያነሳውን የፎርክሊፍት ሹፌር ጠርታ ማን እዚህ እንዳስቀመጠው ጠየቀችው።

«ስክሪኑ ነው እዚህ አስቀምጥ ያለኝ» አላት። እውነቱን ነበር።

ራቢያ ሶላቷን አቆይታ ወደ ቢሮ ተመለሰች። ከኮምቦልቻ ወደ ዱባይ የመጣችው የዛሬ ሃያ አንድ ዓመት ነው። መጀመሪያ ሰባት ዓመት ሻርጃ ውስጥ አንዲት ማዳም ቤት ሠራች፤ ከዚያ ማታ ማታ ኮምፒውተር ተምራ ጀበል አሊ ወዳለው የመድኃኒት መጋዘን ገባች። ሥራዋ ከዕቃ ጋር የሚመጣውን ወረቀት እያነበበች ወደ ሲስተም ማስገባት ነው፤ የላኪውን ስም፣ የባች ወይም የምርት ዙር ቁጥሩን፣ ብዛቱን፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ የማከማቻውን ሙቀት። ይህን የሚሠሩት እሷን ጨምሮ ስድስት ሰዎች ናቸው። ከሁለት ቀን ወዲህ ግን አብዛኛውን ወረቀት የሚያነበው ገሊላ የሠራችው ፕሮግራም ነበር።

ገሊላ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ አዲስ አበባ ተምራ የመጣች የዳታ ኢንጂነር። ራቢያ አጠገቧ ቆማ «ገሊልዬ፣ የጠዋቱን የኢንሱሊን ወረቀት ክፈችልኝ» ስትላት ምን እንደተፈጠረ ገና አልገባትም ነበር። ወረቀቱ ተከፈተ። የማከማቻ ሙቀት በሚለው ቦታ ላይ «2-8» ተጽፏል። በሁለቱና በስምንቱ መሀል ያለችው ሰረዝ በኮፒ ብዛት ደብዝዛ ልትጠፋ ደርሳለች። ፕሮግራሙ «28» ብሎ አንብቧታል። አጠገቡ ያለው የእርግጠኝነት ነጥብ ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ሦስት ይላል።

«ምን ማለት ነው ይሄ ቁጥር?» አለች ራቢያ።

«እርግጠኛ ነኝ ማለቱ ነው።»

«በስህተቱ?»

ገሊላ የፕሮግራሙን ቅንብር ከፈተች። መቁረጫውን ያስቀመጠችው ራሷ ናት። ነጥቡ ከዘጠና አምስት በላይ ከሆነ ሰው ሳያየው በቀጥታ ይመዘገባል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ለሰው ይላካል። ለአምስቱም መስኮች፣ ከላኪ ስም እስከ ሙቀት፣ አንድ መቁረጫ። ኢንሱሊን ቀዝቃዛ ክፍል እንደሚገባ በዕቃዎች መዝገብ ውስጥ ተጽፎ ነበር፤ ፕሮግራሙን ግን ከዚያ ጋር አስተያይ ብላ አላዘዘችውም።

ካርቶኖቹ ወዲያው ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ተወስደው ለብቻ ተከለሉ። ውስጣቸው የነበረው የሙቀት መመዝገቢያ ለአራት ሰዓት ያህል ሃያ አራት ዲግሪ ላይ እንደቆዩ አሳየ። የጥራት ክፍሉ ፋርማሲስት ለአምራቹ ጻፈ። አምራቹ ጉዳት የለውም ብሎ የመለሰው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው፤ እስከዚያ አንድም ካርቶን አልወጣም፤ ይጠብቁ የነበሩ ሁለት ክሊኒኮችም ከሌላ ቦታ ለመግዛት ተገደዱ።

የሥራ ሂደት ኃላፊዋ ሰሀር ትባላለች፤ ዮርዳኖሳዊት ናት፣ ነገር የማታንዛዛ። በዚያው ከሰዓት ገሊላን አስጠራቻት።

«መቁረጫውን ዘጠና ዘጠኝ አድርጊውና ኸላስ፣ እንቀጥል» አለቻት።

«ያኛው ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ሦስት ነው ያገኘው። ዘጠና ዘጠኝም ብናደርገው ያልፍ ነበር» አለች ገሊላ። «በዚያ ላይ ከመቶው ስልሳ አራቱ ወረቀት ወደ ሰው ይመለሳል። ጥፋቱ የኔ ነው። ፕሮግራሙ እርግጠኛ ነኝ የሚለው ስላያቸው ፊደላት ነው። ሁለትንም ስምንትንም በደንብ አይቷል። ያላያት ሰረዝ ግን ነጥብ የላትም። እኔ ያንን ቁጥር ትክክል የመሆን ዕድል አድርጌ ወሰድኩት፤ በእውነተኛ መልስ ሳልለካው።»

ሰሀር የቀን መቁጠሪያዋን ከፍታ «ምን ያህል ጊዜ ትፈልጊያለሽ?» አለቻት።

«አራት ሳምንት። ራቢያንና ጣሃንም።»

ጣሃ ከስድስቱ ሠራተኞች አንዱ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ዝምተኛ፣ ጣቱ ፈጣን። ፕሮግራሙ ቆሞ ሥራው እንደ ድሮው በእጅ ቀጠለ። ሁለቱ ደግሞ ከአሮጌው ፋይል በዘፈቀደ የተመረጡ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ወረቀቶችን፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ እንደ አዲስ አነበቡ። ያልተስማሙበትን ገሊላ ከላኪው ደብዳቤ ጋር እያመሳከረች ለየች። ከዚያ የሰዎቹን መልስ ከፕሮግራሙ ጋር አስተያየችው።

ውጤቱ አንገቷን አስደፋት። ፕሮግራሙ ከዘጠና አምስት በላይ እርግጠኛ ነኝ ካላቸው የላኪ ስሞች ውስጥ ትክክል የሆኑት ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ በላይ ናቸው። በማብቂያ ቀን ላይ ግን ዘጠና አንድ ብቻ። አንድ ዓይነት ነጥብ፣ ሁለት የተለያየ እውነት።

«ቀኑን ለምን ይስታል?» ብላ ራቢያን ጠየቀቻት። «ጥርት ብሎ የተጻፈውን እኮ ነው የሚስተው፣ እትዬ ራቢያ። እርስዎ እንዴት ያውቁታል?»

ራቢያ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠችላት። «ይሄ ኩባንያ ወሩን ያስቀድማል። ይሄኛው ቀኑን። ሦስተኛ አለ ደግሞ፣ የተመረተበትን ቀን ሌሎቹ ማብቂያውን በሚጽፉበት ቦታ ነው የሚጽፈው። ቁጥሩን ማንበብማ ማንም ያነበዋል። ማን እንደጻፈው ማወቅ ነው ሥራው።»

ገሊላ ጻፈችው። ለየመስኩ አዲስ ነጥብ መሥራት ጀመረች። የፕሮግራሙ የራሱ እርግጠኝነት አንዱ ግብዓት ብቻ ሆነ። ሁለት የተለያዩ አንባቢ ፕሮግራሞች ይስማማሉ ወይ? ላኪው ቀን የሚጽፈው እንዴት ነው? ያነበበው በዕቃዎች መዝገብ ካለው ጋር ይገጥማል ወይ? ማብቂያው ከምርቱ ቀን በኋላ ነው? ከአንድ ሺህ ስምንት መቶው አንድ ሺህ ሁለት መቶውን ነጥቡን ለመሥራት ተጠቀመችበት። ስድስት መቶውን ሳትነካ አቆየች፤ በመጨረሻ ነጥቡ ዘጠና ስምንት ሲል በእርግጥ ከመቶ ዘጠና ስምንቱ ትክክል መሆኑን በእነሱ ላይ ልትፈትነው።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ፣ ወደ ሻርጃ በሚመለሰው የኩባንያው አውቶቡስ ላይ፣ ራቢያ ከገሊላ አጠገብ ተቀመጠች። መንገዱ ተዘግቶ ቆመዋል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትዋሺኝ።»

«ይጠይቁኝ።»

«እኔና ጣሃ እያስተማርነው ያለነው የሚያስወጣንን ነው?»

ገሊላ መስኮቱን አየች፣ ከዚያ ወደ ራቢያ ዞረች። «ፕሮግራሙ የተፈቀደበት ውል ላይ ሠራተኛው ከስድስት ወደ ሁለት ይላል። ከመጀመሪያም እንደዚያ ነበር። ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር።»

 ራቢያ ኮምቦልቻ ላሉ ሁለት ልጆች የዩኒቨርሲቲ ወጪ ትከፍላለች፤ የመኖሪያ ቪዛዋም በዚህ ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው።

ገሊላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የባች ቁጥርን መቁረጫ ከፍ ባደርገው ከመቶ ሃምሳ አምስቱ ወረቀት ወደ እናንተ ይመጣል። አራት ሰው ያስፈልጋል። ለጥንቃቄ ነው ብል ማንም አይጠይቀኝም።»

«ባች ቁጥሩ ይሳሳታል እንዴ?»

«አይሳሳትም ማለት ይቻላል።»

«እንግዲያ ተይው።» ራቢያ ራሷን ነቀነቀች። «ዋላሂ፣ ትክክል የሆነ ነገር ቀኑን ሙሉ ብታሳዪኝ፣ በሦስተኛው ቀን ሳላይ ነው እሺ የምለው። ያን ጊዜ ኢንሱሊኑም በእጄ ያልፋል። ለሰው የምትልኪው ሰው የሚያስፈልገውን ይሁን።»

ገሊላ ሌሊቱን ያሰበችው ያንን ነው። በማግስቱ ለሰሀር ያቀረበችው፣ በስድስት መቶው ወረቀት የተፈተነ ሠንጠረዥ አንድ ቁጥር ሳይሆን ምርጫ ነበር፤ በየመስኩ መቁረጫው እዚህ ቢሆን ስንት ስህተት ያልፋል፣ ስንት ወረቀት ለሰው ይሄዳል፣ ስንት ሰው ይፈልጋል።

«የላኪ ስም ቢሳሳት በማግስቱ ይታረማል» አለች ገሊላ። «ዘጠና ላይ ይበቃዋል። ማብቂያ ቀን ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ አምስት። ሙቀት ደግሞ ነጥቡ ምንም ይሁን ምን፣ ከዕቃዎች መዝገብ ጋር ካልተስማማ ሰው ሳያየው አይመዘገብም። መዝገቡ ውስጥ የሌለ አዲስ ዕቃም እንደዚያው። አንድ መስክ ከመቁረጫው በታች ከሆነ ወረቀቱ ሰው እስኪያየው ይቆያል፤ ለሠራተኛው ግን ያ መስክ ብቻ ነው ከነምስሉ የሚታየው።»

«ከመቶ ስንቱ ይቆያል?»

«ወደ ሠላሳ። በቀን ሁለት መቶ አሥር ወረቀት። ለዚያ ሁለት ሰው ይበቃል። ግን ሦስት ነው የምጠይቀው።»

«ውሉ ሁለት ይላል።»

«ሦስተኛው በቀጥታ ካለፉት ውስጥ ከመቶ ሁለቱን በዕጣ እያወጣ እንደ አዲስ ያነባል። ላኪ ፎርሙን ቢቀይር ነጥባችን ሳናውቀው ይበላሻል። ያንን የሚነግረን እሱ ብቻ ነው። ባለፈው የነገረችን ራቢያ ናት፣ ያውም ለሶላት ስትሄድ በአጋጣሚ።»

ሰሀር ሠንጠረዡን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ሦስት» አለች በመጨረሻ። «አራት አልሰማም።»

አራት አልተባለም። ራቢያ ለዕጣው ንባብ ቀረች። ሁለት ሴቶች ለሚቆዩት ወረቀቶች ተመደቡ፤ ሁለት ሰዎች ወደ ዕቃ መቀበያው ተዛወሩ፣ ደመወዛቸው ሳይነካ። ስድስተኛው ጣሃ ነበር። ከሁሉም በኋላ የተቀጠረ እሱ ስለሆነ ለእሱ ቦታ አልተገኘም። ገሊላ ለአንድ ወር በየምሳ ሰዓቱ ሥራ ልታፈላልግለት ወዲህ ወዲያ ስልክ ደወለች፤ ዐጅማን ውስጥ ያለ የክሊኒክ መድኃኒት ቤት በመጨረሻ ወሰደው፣ ከበፊቱ ባነሰ ደመወዝ።

ጣሃ የመጨረሻ ቀኑ ዕለት ገሊላ ጠረጴዛ ጋ መጣ። ገሊላ ተነሳች።

«አንድ ነገር ረሳሁ» አለ ጣሃ። «ከቱርክ የሚመጣው ላኪ፣ ባለአረንጓዴ አርማው፣ ረመዳን ላይ ሌላ ሰው ነው ወረቀቱን የሚሞላው። የእጅ ጽሑፉ ይለያል። አንድን ሰባት ያስመስላል።»

ገሊላ ወንበር ሳበችለት። ተቀምጦ የአምናውን የረመዳን ወረቀቶች አንድ በአንድ አሳያት፣ ሰርቪሱ እስኪመጣ ድረስ።