በሁለቱ ጫማዎች መካከል

ታናሽ እህቷ ስለ አባታቸው የጻፈችውን ወግ አምጥታ «እታለም፣ እስቲ እዪልኝ» ብላት ወጣች። ታላቅየዋ ልብ ወለድ ደራሲ ናት፤ ገና ገጹን ስትገልጥ ቅናት አንጨረጨራት። ወጉ ቁርጥራጭ ነው፤ የጊዜ ቅደም ተከተል የለውም፤ በየመካከሉ ሰፊ ባዶ ቦታ ተትቷል።

በአንዱ ቁራጭ ታናሽየዋ፣ አባባ ነገ ያደርገዋል ብላ ጫማውን ትወለውላለች።

 

በቀጣዩ ያው ጫማ በጎረቤት እግር መንገድ ይሻገራል።

 

«ይሄ ደግሞ ምኑ ጽሑፍ ነው» አለች ታላቅየዋ በሆዷ። ቁርጥራጮቹን በመቀስ ለያይታ ከልጅነት እስከ ቀብር ደረደረቻቸው። በሁለቱ ጫማዎች መካከል በእርሳስ «ከዚያ አባባ ሞተ» ብላ ሞላችበት። አነበበችው። የፖሊስ ሪፖርት ሆኖ ቁጭ አለ።

እልህ ይዟት የጻፈችውን በላጲስ አጠፋች፤ ሁሉንም ወደ ቦታው መለሰች። እንደገና ስታነብ ባዶው ላይ ደረሰች፤ ማንም ሳይነግራት አባቷ ሞተባት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እሷ በልብ ወለዷ የአባቷን ቀብር በሙሉ ምዕራፍ ጽፋ አንድ ሰው እንኳ አላለቀሰላትም።

ታናሽየዋ ስትመለስ ዓይኗን ጠራርጋ ጠበቀቻት።

«እንዴት ነው፣ እታለም?»

«አይከፋም» አለች። «ባዶው ግን በዛ፤ ሙዪው።»